ለእናት ሕክምና መዋጮ፦ ታላቅ ልጅ ለቤተሰቡ ምን ብላ ትጻፍ?

ታላቅ እህት በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዲህ ብላ ትጽፋለች፦ «ሰላም ናችሁ ወይ? እንደምታውቁት እማዬ ኩላሊቷ ደክሞ እጥበት ጀምራለች። ወጪው ከባድ ነው። ሁላችንም እንደ አቅማችን እንተባበር።» ብዙም ሳይቆይ መልስ ይጎርፋል። አንዱ «እግዚአብሔር ይማርልን» ይላል፤ ሌላዋ «ድንግል ማርያም ትድረስላት» ትላለች፤ ሦስተኛው የጸሎት እጆች ምልክት ለጥፎ ይወጣል። ገንዘብ የሚልከው ምናልባት አንድ ሰው ነው። እሱም ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ስላልተነገረው በእጁ ያለውን ይልካል።

ልጆቹ ጨክነው አይደለም። «እንደ አቅማችን» ሲባል ሁሉም የሌላውን እጅ ያያል። ትንሽ የላከ እንዳይታማ ይፈራል፤ ብዙ የላከ ደግሞ በሚቀጥለው ወር የሚጠበቀው ከእሱ ብቻ እንዳይሆን ይሰጋል። እድራችን ለዘመናት የቆየው መዋጮው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈልና ማን እንደሚመዘግብ ስለሚታወቅ ነው። አንድ ቤተሰብ ግን ለእናቱ ሲያዋጣ እነዚህን ሦስቱንም በይሉኝታ ይዘላቸዋል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከሒሳቡ ነው። የኩላሊት እጥበት ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል የሚወስድ ሕክምና ነው። በወር ሲታሰብ 13 ጊዜ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል የአንድ ጊዜ እጥበት 3,000 ብር ነው እንበል (ዋጋው ከሆስፒታል ሆስፒታል ስለሚለያይ ትክክለኛውን ከራሳችሁ ደረሰኝ ውሰዱ)፤ በወር 39,000 ብር ማለት ነው። ብዙዎች የሚረሱት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ለደም ማነስ የሚሰጠው መርፌና ሌሎቹ መድኃኒቶች 9,000፣ ለደርሶ መልስ ትራንስፖርት 7,800፣ ለላቦራቶሪ 2,200 ቢባል ድምሩ 58,000 ብር ይደርሳል። እጥበት ብቻ ተቆጥሮ መዋጮ የተጠየቀ እንደሆነ ቀሪውን 19,000 በየወሩ የምትሸፍነው ዝም ያለችው ታላቅ እህት ናት። ቂም የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

ድርሻ እኩል መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ እንኳ ልጆች ወላጆቻቸውን የመጦር ግዴታ እንዳለባቸው ሲደነግግ መጠኑ የሚለካው በተቀባዩ ችግርና በሰጪው አቅም ነው፤ ሕክምናም በዚያ ግዴታ ውስጥ ይገባል። በምሳሌያችን ቤተሰብ ታላቋ አዲስ አበባ የምትኖር አስተማሪ ናት፤ አንዱ ወንድም ሜሪላንድ ታክሲ ይነዳል፤ አንዷ እህት ሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች፤ ሌላው ወንድም ደሴ ሱቅ አለው፤ የመጨረሻው ልጅ ሥራ የለውም፣ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ከአሜሪካ 25,000፣ ከሪያድ 12,000፣ ከታላቋ 12,000፣ ከደሴ 6,000፣ ከእናትየዋ ጡረታ 3,000 ቢመጣ 58,000 ይሞላል። የመጨረሻው ልጅ ብር አያዋጣም፤ ነገር ግን በሳምንት ሦስት ቀን ንጋት ላይ እናቱን ደግፎ ወስዶ ጠብቆ የሚመልሳት እሱ ነው። ይህ በመልእክቱ ውስጥ በስሙ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ አንድ ቀን «አንተ ምን አድርገሃል?» የሚለው ሰው አይጠፋም።

እነዚህ ቁጥሮች ግሩፑ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ለእያንዳንዳቸው ስልክ ይደወላል። ሪያድ ያለችው እህት ደመወዟ ሁለት ወር ዘግይቶባት ሊሆን ይችላል፤ ይህን በሁሉም ፊት አትናገርም፤ ለእህቷ ብቻ ትነግራት ይሆናል። ግሩፑ ስምምነት የሚታወጅበት እንጂ ድርድር የሚካሄድበት ቦታ አይደለም። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ እናትየዋ ራሷ ያንን ግሩፕ የምታነብ ከሆነ የልጆቹ ሌላ ግሩፕ ይከፈት። ሸክም ሆንኩ ብላ «ይብቃኝ፣ አልሄድም» የምትል እናት ጥቂት አይደለችም።

ከዚያ በኋላ የሚጻፈው መልእክት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ወንድሞቼና እህቴ፣ እማዬ ደህና ናት፣ ትላንት እጥበቷን ጨርሳ ገብታለች። ሐኪሙ እንዳለው ይህ ሕክምና የአንድ ወር ጉዳይ አይደለም፤ ይቀጥላል። የወሩ ጠቅላላ ወጪ 58,000 ብር ነው፤ ዝርዝሩንና ያለፈውን ወር ደረሰኞች ከታች አያይዣለሁ። በስልክ በተነጋገርነው መሠረት የእኔን 12,000 ዛሬ አስገብቻለሁ። የእናንተን በየወሩ እስከ 5ኛው ቀን ድረስ በእማዬ ስም በተከፈተው ሒሳብ አስገቡ። ታናሻችን የሚያደርገውን በገንዘብ አንተምነውም፤ እሱ ባይኖር ሰው መቅጠር ነበረብን። ያልቻለ ሰው አስቀድሞ ለእኔ ይደውልልኝ፤ አንቀየምም። ከሦስት ወር በኋላ ቁጭ ብለን ሒሳቡን እንደገና እናያለን።»

በዚህ መልእክት ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው «ይቀጥላል» የሚለው ነው። ብዙ ታላላቆች ታናናሾቻቸውን እንዳያስደነግጡ «ለጊዜው» ብለው ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ወር ይሞላል፣ ሁለተኛው ይጎድላል፣ ሦስተኛው ላይ ዝምታ ይሆናል፤ ሁሉም የላከው ለአንድ ጊዜ መስሎት ነበርና። በእጥበት ደግሞ ብር ሲጎድል የሚቀነሰው ቀኑ ነው፤ ሦስቱ ሁለት ይሆናል። ያኔ ውኃና ጨው በሰውነት ይጠራቀማል፤ እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። በደም ውስጥ የሚከማቸው ፖታሲየም ልብን እስከማቆም ይደርሳል። የጎደለው ገንዘብ በሕክምና ምን ማለት እንደሆነ ልጆቹ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል እላለሁ። ማስፈራራት አይደለም፤ ሐኪሙ የሚለው ነው።

ለድንገተኛም ትንሽ መጠባበቂያ ያስፈልጋል። እጥበት ሲጀመር ብዙ ጊዜ አንገት ላይ ቱቦ ይገባል፤ ብርድ ብርድ ካላትና ካተኮሳት ቱቦው መመርቀዙ ስለሚጠረጠር በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። ለዘለቄታው የተሻለው ክንድ ላይ በቀዶ ሕክምና የሚሠራው የደም ሥር መስመር ነው፤ እሱ ግን ለአገልግሎት እስኪደርስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፤ የአንድ ጊዜ ወጪም አለው። የሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ደግሞ ሌላ ነገር አስተምሯል፦ ከውጭ የሚገቡ የሕክምና ዕቃዎችና መድኃኒቶች ዋጋ ዶላርን ይከተላል። ስለዚህ ሜሪላንድ ያለው ወንድም ድርሻውን በዶላር ቢቆርጥ ይሻላል። ብሩ ሲወርድ ድርሻው አብሮ አይወርድም።

በግሩፑ ላይ በስሜት «ኩላሊቴን እሰጣለሁ» የሚል ልጅ ከተነሣ ነገሩን ከመዋጮው ለዩት። ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ተሰጥቷል፤ የሚሰጠው ሰው ግን ብቻውን ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ የሚወስነው ጉዳይ ነው። ብር ያልላከ ልጅ በኩላሊቱ እንዲክስ ማንም ሊገፋፋው አይገባም።

ድምሩ ከሁሉም አቅም በላይ ከሆነም መልእክቱ ከመላኩ በፊት አንድ ቀን ለሆስፒታሉ ማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ስጡ። በመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ መኖሩን ጠይቁ፤ እናታችሁ የጤና መድን ካላትም እጥበትን ይሸፍን እንደሆነ አረጋግጡ። የዚህን ወር ደረሰኞች ደግሞ ከዛሬ ጀምራችሁ በአንድ ፖስታ ሰብስቡ።