ነጠላ የቀለም መለኪያ ሲሆን

በአንድ የቡድን ፎቶ ላይ የእህትማማቾች ፊት የተለያየ ቀለም ይዞ ሊወጣ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ፊታቸው ላይ ያረፈው ብርሃን ነው። አትላንታ በሚገኘው ፒድመንት ፓርክ የሐበሻ ልብስ የለበሱ ሠርገኞች ከዛፍ ሥር ተሰልፈው ፎቶ ቢነሡ፣ ጥላው የማይደርስበት ጫፍ ላይ የቆሙት ቀጥተኛ የፀሐይ ብርሃን ያገኛሉ። የዚህ ብርሃን የቀለም ሙቀት 5500 ኬልቪን ገደማ ነው። ጥላ ውስጥ ያሉትን የሚያበራቸው በአብዛኛው ሰማዩ ስለሆነ ሙቀቱ ከ7000 ኬልቪን ያልፋል፤ ፊታቸውም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሣሩና ቅጠሉ የሚመልሱት ብርሃን ደግሞ አገጭና አንገት ላይ አረንጓዴ ይጨምራል።

ካሜራው ለመላው ፎቶ የሚይዘው አንድ ዋይት ባላንስ ብቻ ነው። ለፀሐዩ ሲስተካከል ጥላው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ለጥላው ሲስተካከል ፀሐይ ላይ ያሉት ወደ ቢጫ ያደላሉ። ስለዚህ ፎቶው በራው ፋይል ይነሣና እርማቱ በየብርሃኑ ክልል ተለይቶ ይሠራል። በመጀመሪያ ብዙ ሰው ላለበት ክልል የሚስማማው ዋይት ባላንስ ለሙሉው ፎቶ ይሰጣል። ከዚያ የቀሩት ሰዎች በማስክ ተለይተው ለብቻቸው ይታረማሉ።

የእርማቱን መጠን ለመወሰን ነጭ ነጠላ ይረዳል፤ እያንዳንዱ ሰው የለበሰው ነጠላ ፊቱን የሚያበራውን ብርሃን ይቀበላልና። ለምሳሌ ጥላ ውስጥ ያለ ነጠላ ቀይ 200፣ አረንጓዴ 208፣ ሰማያዊ 222 ቢነበብ ሦስቱ ቁጥሮች እኩል እስኪሆኑ ድረስ ቀዩ ከፍ፣ ሰማያዊው ዝቅ ይላል። የዚያው ሰው ጉንጭ 118፣ 92፣ 84 ከነበረ በዚሁ እርማት ወደ 123፣ 92፣ 79 ይጠጋል፤ ከሰማያዊው ተላቆ ሞቅ ይላል።

ነጠላው የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። ንባቡ 255 ከደረሰ ብርሃኑ ስለበዛ የቀለም መረጃው ጠፍቷል። በማንጪያ ሳሙና የታጠበ ጨርቅ ሰማያዊ ብርሃን ሊያመነጭ ይችላል፤ ያልነጣ ጥጥ ደግሞ ወደ ክሬም ያደላል። በዚህ ምክንያት ተመሳሳይ ጨርቅ የለበሱ ሚዜዎችን እርስ በርስ ማነጻጸር ይሻላል። ንባቡም ከጥለቱ ርቆ ይወሰዳል፤ ጥለቱ ቀለሙን አጠገቡ ባለው ነጭ ላይ ያንጸባርቃልና። ከሁሉ የሚታመነው ግን በየክልሉ ግራጫ ካርድ አስይዞ አንድ አንድ ፎቶ ማንሣት ነው።

ውጤቱ በጉንጭና በግንባር ይፈተሻል። በጤናማ ቆዳ ላይ፣ ጠቆረም ቀላ፣ ቀይ ከአረንጓዴ፣ አረንጓዴም ከሰማያዊ ይበልጣል። አረንጓዴው ወደ ቀዩ ከተጠጋ የሣሩ ነጸብራቅ አልወጣም ማለት ነው። ጠይሟን እህት ከቀይዋ ጋር በብሩህነት ማመሳሰል ግን ስህተት ነው። መመሳሰል ያለበት የብርሃኑ ቀለም ነው፤ የሜላኒኑ ልዩነት ፎቶው ላይ እንዳለ መቅረት አለበት።

በቅጠሎች መካከል ሾልኮ የገባ ፀሐይ አንድን ፊት ለሁለት ከከፈለ ማስክም ብዙ አያግዝም፤ ድንበሩ ይታወቃል። ያኔ መፍትሔው ፎቶው ከመነሣቱ በፊት ሁሉንም ሰው ወደ አንድ ወጥ ጥላ ማስገባት ነው።