ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ የጸጉር ቤትን ስም ግን ቤተሰብ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለልጅ ይሆን ይሆናል። የጸጉር ቤት ስም ግን ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ታፔላ ሠሪው ፊት ተቁሞ፣ «ምን ብዬ ልጻፍ?» ሲባል ነው። ቤት ኪራዩ ተከፍሏል፤ ካስኩና መስታወቱ ገብቷል፤ የቀረው ስም ብቻ ነው። ያኔ አንዱ የልጅቷን ስም ይጠራል፣ ሌላው «ውበት ይባል» ይላል፣ ታፔላ ሠሪውም ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው የሠራውን ያሳያል። በአምስት ደቂቃ የተወሰነው ስም ግን ለዓመታት በሩ ላይ ይቆያል።

ልጆቻቸው የጸጉር ሥራ ሠልጥነው ለሚወጡ ወላጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መነሻ ገንዘቡ በአብዛኛው የቤተሰብ ነው። ስምና ታፔላ ደግሞ ገንዘቡ ብዙ ሳይጠይቅ፣ ቶሎ ተወስኖ፣ ኋላ ለመቀየር ግን የሚከብድ ነገር ነው። ስም የቀየረ ጸጉር ቤት በሰፈርተኛው ዓይን «ተዘግቶ ሌላ የገባበት» ይመስላል። ስለዚህ እስቲ አንድ ምሳሌ ይዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሂድበት።

ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ አንዲት ወጣት ሁለት ካስክና ሦስት ወንበር ይዛ የሴቶች ጸጉር ቤት ልትከፍት ነው እንበል። ሹሩባ፣ ፎን፣ ፒያስትራና የሙሽራ ሥራ ትሠራለች። እናት፣ አባትና አያት ስም ለማውጣት ተሰብስበዋል።

የመጀመሪያው ሥራ ስም ማሰብ ሳይሆን ስም መሰብሰብ ነው። ልጅቷ ደብተር ይዛ ደንበኞቿ በሚመጡበት መንገድ ሁሉ ትሂድ፤ የምታየውን የጸጉር ቤት ስም በሙሉ ትጻፍ። አንድ ሰዓት በቂ ነው። ዝርዝሩ ሲታይ ስሞቹ በጥቂት ቡድን ይከፈላሉ። አብዛኞቹ የሴት ስም ናቸው፤ ቤቲ፣ ሳሮን፣ ሔለን የሚሉ። ሌሎቹ ውበት፣ ቁንጅና፣ ፍቅር የሚሉ ናቸው። በደብረ ብርሃን ደግሞ «ብርሃን» የሚለው ቃል ሳይጠራ አይመጣም። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በሰማይ ላይ ታየ ከተባለው ብርሃን እንደሆነ ይነገራል። ያማረ ስም ነው፤ ነገር ግን የከተማው ሁሉ ነው። የሁሉ የሆነ ስም አንዱን ጸጉር ቤት ከሌላው አይለይም።

የባለቤቷን ስም መስጠትስ? ይህ መጥፎ አይደለም፤ ግን የሚሠራበት ጊዜ አለ። ልጅቷ ቀድሞ ሌላ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ የቆየችና ደንበኞች በስሟ የሚፈልጓት ከሆነ፣ ስሟ ሀብቷ ነውና ይጻፍ። አዲስ ከሆነች ግን ስሟ ለማንም ምንም አይነግርም። በዚያ ላይ በሰፈሩ ሌላ ቤቲ ካለች ደንበኛዋ ተሳስታ ወደዚያኛዋ ትገባለች። ነገ ልጅቷ ብታገባና ወደ ሌላ ከተማ ብትሄድም ቤቱን የሚረከበው ሰው የሰው ስም ይዞ ይቀራል።

በምሳሌያችን ቤተሰብ እናት «ውበት»ን፣ አባት «ብርሃን»ን መረጡ። አያት ዝም ብለው ቆይተው፣ «እኛ ልጅ ሳለን ጸጉራችንን የምንበጠረው በሚዶ ነበር» አሉ። ሚዶ ረጃጅም ጥርስ ያለው የእንጨት ማበጠሪያ ነው። ልጅቷ ሳቀች፤ ቃሉን ከሰማችው ቆይታለች። አያቶች በስም ጉዳይ መጠየቅ ያለባቸው ስለዚህ ነው። ጋሜ፣ ቁንጮ፣ ሳዱላ፣ ጎፈሬ፣ ሚዶ፤ የጸጉር ቃል ሞልቶ ያለው እነሱ ዘንድ ነው። ግን የትኛውም ጥሩ ቃል ሁሉ ጥሩ ስም አይሆንም። ሳዱላ ለጆሮ ያማረ ነው፤ ነገር ግን መሐል አናቷን የተላጨች ያላገባች ልጃገረድን ያስታውሳል። ባለትዳሮችንና ሙሽሮችን ለሚጠብቅ ቤት አይመችም። ቁንጮ ደግሞ የወንድ ልጅ ነው። ቃሉን የሚያውቁ አዛውንት «ይሄማ እንዲህ ማለት ነው» ብለው የሚነግሩን ይህን ዓይነቱን ስውር ትርጉም ነው።

«ውበት»፣ «ብርሃን» እና «ሚዶ» በእጅ አሉ። አሁን ሦስቱም ይፈተኑ።

አንደኛው ፈተና የጆሮ ነው። እንደ አብዛኛው ከተማችን ሁሉ ሰው ቤት የሚያገኘው በቁጥር ሳይሆን በምልክት ነው። ስለዚህ ስሙ ባጃጅ ውስጥ ሞተሩ እየጮኸ አንዴ ተጠርቶ መሰማት አለበት። ልጅቷ ለማታውቀው ሰው ስሙን በስልክ አንዴ ብቻ ትናገር፤ ሰውየው መልሶ በትክክል ከጠራው አልፏል። «ሚዶ ጋ ውረጂ» አጭርና ጥርት ያለ ነው። «ውበት ጋ» ሲባል ግን «የቷ ውበት?» የሚል ጥያቄ ይከተላል።

ሁለተኛው ፈተና የፊደል ነው። አማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸው ብዙ ፊደላት አሉት። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። ጸጉር የሚለው ቃል ራሱ በአንዱ ታፔላ በጸ፣ በሌላው በፀ ተጽፎ ይታያል። ዛሬ ወጣቶች ቤቱን በስልክ ነው የሚፈልጉት። ስሙ በሐ ተጽፎ ደንበኛዋ በሀ ብትፈልገው ላታገኘው ትችላለች። ሔለን የሚለው ስም እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ሚዶ ግን አንድ አጻጻፍ ብቻ ስላለው ያልፋል። ሌላም አለ፤ ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ዋና የሴቶች ጸጉር ቤት» ብሎ የጻፈ ሰው ቀዳሚ ማለቱ ቢሆንም፣ አላፊው እንደ ውኃ ዋና ሊያነበው ይችላል። ስሙን ሳትጠሩላቸው ጽፋችሁ ለሦስት ሰው አስነብቡ።

ሦስተኛው ፈተና የሥዕል ነው። ስሙ ሊሣል ይችላል ወይ? ውበት ምን ዓይነት ሥዕል አለው? ስለሌለው ነው ብዙ ጸጉር ቤቶች ከኢንተርኔት የወረደ የውጭ አገር ሞዴል ፎቶ የሚለጥፉት። ያው ፊት በሌላውም በር ላይ አለ። ደግሞም ፎቶው የሌላ ሰው ንብረት ነው። ሚዶ ግን ሕፃን ልጅም ይሥለዋል።

ሥዕሉ ሲሠራ አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልጅቷ ሚዶውን 15 ጥርስ አድርጋ ብትሥለው በትልቁ ያምራል። ማኅተም ላይ ሲገባ ግን ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። 15 ጥርስና በመካከላቸው ያሉት 14 ክፍተቶች 29 ቦታ ይሻሉ፤ እያንዳንዱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳልና ቀለሙ ገብቶ ጥቁር ጠብታ ይሆናል። 5 ጥርስና 4 ክፍተት ብታደርገው ግን እያንዳንዱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ያገኛል፤ ጥርት ብሎ ይታያል። መፈተኛው ቀላል ነው። ሥዕሉን አሳንሳችሁ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ አንሱት። ሚዶ መሆኑ ካልታወቀ መስመር ቀንሱ።

ከዚያ ወደ ታፔላው እንምጣ። ታፔላ የሚነበበው ከቅርብ ሳይሆን ከመንገዱ ማዶ ነው። የሙያው ሰዎች የሚጠቀሙበት አንድ ልኬት አለ፤ በምቾት እንዲነበብ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት የፊደሉ ቁመት 2.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን ይላል። የልጅቷ ታፔላ 2 ሜትር ስፋት አለው እንበል። «ቤተልሔም የሴቶች የውበት ሳሎን» ብሎ በአንድ መስመር ለመጻፍ ከነክፍተቱ 19 ቦታ ያስፈልጋል። ለአንድ ፊደል የሚደርሰው 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ12 ሜትር በላይ ካለ ሰው ያመልጣል። «ሚዶ» ግን ሁለት ፊደል ነው። 35 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ ቢጻፍ፣ ጎኑ ሥዕሉ ተቀምጦ፣ ሥሩ በትንሹ «የሴቶች ጸጉር ቤት» ተብሎ፣ ስሙ እስከ 42 ሜትር ይነበባል። የሥራውን ዝርዝር፣ ማለትም ሹሩባውን፣ ፒያስትራውንና የሙሽራውን፣ ታፔላው ላይ አትደርድሩት። በሩ ላይ ወይም መስታወቱ ላይ በስቲከር ይጻፍ፤ እዚያ የደረሰች ሴት ቆማ ታነበዋለች።

ቀለም ሁለት ይበቃል፤ አንድ ደማቅ ጠቆር ያለ፣ አንድ ፈዘዝ ያለ። የታተመ ባነር ፀሐይ ሲመታው ቀድሞ የሚለቀው ቀይና ቢጫው ነው። የቆዩ ባነሮች ላይ የሴቶቹ ፊት ሰማያዊ መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ ቢያታልልም ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ስለዚህ ስሙ ራሱ በቀይ አይታተም፤ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ይሁን። ንፋሱም ሸራን ያንገላታልና አቅም ከፈቀደ በቆርቆሮ ላይ በቀለም ቅብ የተጻፈ ታፔላ ይሻላል። በተቀሩት ነገሮችም፣ በሽርጡ፣ በፎጣውና በቢዝነስ ካርዱ፣ ያው ሁለት ቀለምና ያው ሚዶ ይደገም።

ታፔላው ከመታዘዙ በፊት ግን አንድ ደጃፍ መረገጥ አለበት፤ የንግድ ጽሕፈት ቤቱ። በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የንግድ ስም ይመዘገባል፤ ቀድሞ ከተመዘገበ ስም ጋር አንድ ከሆነ ወይም ካሳሳተ ተቀባይነት አያገኝም። ሦስት ስም በቅደም ተከተል ይዞ መሄድ ከመመላለስ ያድናል። የንግድ ምልክት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ጥበቃው ለ7 ዓመት ነው፤ ሊታደስም ይችላል። ለሦስት ወንበር ጸጉር ቤት በመጀመሪያው ዓመት የግድ አይደለም። ሁለተኛ ቅርንጫፍ የሚታሰብ ከሆነ ግን ይታሰብበት።

ስሙ መያዙ እንዴት ይታወቃል? ከተከፈተ ከሁለት ወር በኋላ ልጅቷ አዲስ ደንበኛ በመጣች ቁጥር፣ «ማን ነገረሽ? ምን ብላ ነገረችሽ?» ብላ ትጠይቅ፤ መልሱንም በደብተር ትጻፍ። «ሚዶ አለችኝ» የሚሉት ከበዙ ስሙ ሥራውን ጀምሯል። «ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ያለችው አለችኝ» የሚሉት ከበዙ ግን፣ ደንበኛ እየጠራ ያለው ዳቦ ቤቱ ነው። ያኔ ስሙን ለመቀየር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ማዶ ተሻግራችሁ ታፔላው ከዚያ ይነበብ እንደሆነ እዩ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ የስሙ ሳይሆን የፊደሉ ማነስ ነው።