በአማርኛ የተነገረው ወለድ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ብድር

«ወለዱ አምስት ነጥብ ሰባ አምስት ነው። ከዚህ በታች የሚሰጥሽ የለም፣ እህቴ።»

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ቤት ለመግዛት የሚዘጋጅ ኢትዮጵያዊ እንዲህ ያለውን ዜና ብዙውን ጊዜ የሚሰማው በስልክ፣ በራሱ ቋንቋ ነው። ጥቂት ቆይቶ በኢሜይል የሚደርሰው ወረቀት ግን በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ሦስት ገጽ ነው፤ ሎን ኢስቲሜት ይባላል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2015 ጀምሮ የአሜሪካ አበዳሪ የመኖሪያ ቤት ብድር ማመልከቻ በተቀበለ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ይህን ወረቀት ለአመልካቹ የመላክ ግዴታ አለበት። ቅርጹ በሁሉም አበዳሪዎች ዘንድ አንድ ዓይነት በመሆኑ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ መስመር በመስመር ማመሳከር ይቻላል።

ለማሳያ ያህል በሲልቨር ስፕሪንግ ቤት የሚገዙ ባልና ሚስት እንውሰድ። የሚበደሩት 400,000 ዶላር፣ የሚከፍሉት በ30 ዓመት ነው። አንደኛው አበዳሪ በ6.5 በመቶ፣ እስከ መጨረሻው በማይለወጥ ወለድ ሊያበድራቸው ፈቅዷል፤ በወር 2,528 ዶላር ይሆናል። በስልክ የተነገራቸው ሁለተኛው በ5.75 በመቶ 2,334 ዶላር ነው። ልዩነቱ በወር 194 ዶላር ስለሆነ ሁለተኛውን መምረጥ ጥያቄ የሌለው ይመስላል።

ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በግራ በኩል «ኤ» የሚል ክፍል አለ። አበዳሪው ለራሱ የሚያስከፍለው ገንዘብ የሚጻፈው እዚህ ነው። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የ«ኤ» ድምር 1,500 ዶላር ነው። በሁለተኛው ላይ የማመልከቻ 500፣ የአንደርራይቲንግ 1,300፣ ከዚያም «ፖይንት» በሚል ስም 4,000 ዶላር ተደርድሯል፤ በጠቅላላው 5,800። አንድ ፖይንት የብድሩ አንድ በመቶ ሲሆን ተበዳሪው ወለዱን ለማስቀነስ በቅድሚያ የሚከፍለው ነው። እንግዲህ በስልክ የተነገረው ዝቅተኛ ወለድ ስጦታ አልነበረም፤ በ4,000 ዶላር የሚገዛ ነው። በ«ኤ» ክፍል ያለው የ4,300 ዶላር ብልጫ በወር 194 ዶላር እየተቆጠበ እስኪመለስ 22 ወር ይፈጃል።

ብዙ ሰው ግን ዓይኑን የሚያሳርፈው ወረቀቱ ግርጌ ላይ ባለው ጠቅላላ ድምር ላይ ነው። ስህተቱም እዚያ ይጀምራል። በቀኝ በኩል ያሉት የንብረት ግብርና የቤት መድን ወደ አበዳሪው ኪስ የሚገቡ አይደሉም፤ እሱ የሚጽፈውም ግምቱን ነው። አንዱ የዓመቱን መድን 900 ዶላር፣ ሌላው 1,800 ብሎ ቢገምት የመጀመሪያው ብድር የረከሰ ይመስላል፤ ቤቱ ግን አንድ ስለሆነ እውነተኛው የመድን ዋጋ በአበዳሪው ምርጫ አይለወጥም። በ«ኤ» ያለው ክፍያ በአንጻሩ፣ እንደ ብድሩ መጠን መለወጥ ያለ በሕግ የታወቀ ምክንያት ካልተፈጠረ፣ ውሉ በሚፈረምበት ቀን አንድ ዶላር እንኳ ከፍ ሊል አይችልም። ከፊርማው 3 የሥራ ቀን አስቀድሞ የሚመጣው ክሎዚንግ ዲስክሎዠር የሚባል ወረቀት ከሎን ኢስቲሜቱ ጋር መመሳከር ያለበትም ለዚህ ነው።

ወለዱ ይለወጥ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ገጽ መመለስ ያስፈልጋል። ከወለዱ አጠገብ «ይህ መጠን ከፊርማ በኋላ ሊጨምር ይችላል?» የሚል ጥያቄ ታትሟል። በባልና ሚስቱ ሁለተኛ ወረቀት ላይ መልሱ «አዎ» ነው። ዝርዝሩ ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ፣ በትንሽ ሰንጠረዥ ተቀምጧል። ብድሩ 5.75 በመቶ የሚሆነው ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በየ6 ወሩ እንደ አዲስ ይሰላል፤ ሶፈር ከሚባለው የገበያ የወለድ መለኪያ ላይ 2.75 ይደመርበታል። መለኪያው ከገበያው ጋር ከፍና ዝቅ ይላል፤ 2.75 ግን ማርጂን የሚባል የአበዳሪው ድርሻ ስለሆነ ብድሩ እስኪያልቅ አይነቃነቅም። ወለዱ በሚለወጥበት ቀን መለኪያው 4 በመቶ ላይ ቢገኝ አዲሱ ወለድ 6.75 ይሆናል ማለት ነው።

ሰንጠረዡ ጣሪያውንም ያሳያል። በዚህ ብድር ወለዱ በመጀመሪያው ለውጥ ከ2 በመቶ በላይ፣ በኋላ በእያንዳንዱ ለውጥ ከ1 በመቶ በላይ፣ በጠቅላላውም ከመነሻው ከ5 በመቶ በላይ መጨመር አይችልም። ይህ በዶላር ሲቆጠር ይከብዳል። ከ5 ዓመት በኋላ ገና 371,000 ዶላር ያህል ዕዳ ይቀራል። ወለዱ ወደ 7.75 ቢወጣ የወሩ ክፍያ ከ2,334 ተነሥቶ 2,803 ይደርሳል። ገበያው እየጨመረ ከሄደ በስድስት ዓመት ተኩል 10.75 ላይ ይደርስና ከ3,500 ዶላር በላይ ይሆናል። ይህ የከፋው መንገድ ነው፤ ወለዱ ሊቀንስም ይችላል። ዋናው ጥያቄ ግን ባልና ሚስቱ የከፋው ቢመጣ ከደመወዛቸው ሊከፍሉት ይችላሉ ወይ የሚለው ነው።

ወለዱ ከፍ ሲል እንደገና ፋይናንስ እናደርገዋለን የሚል ሰው ሦስተኛውን ነገር ማየት አለበት፤ ብድርን ቀድሞ ለሚዘጋ ሰው የሚጣል ቅጣት። እሱም በመጀመሪያው ገጽ ላይ «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2014 ወዲህ ለመኖሪያ ቤት ብድር ይህ ቅጣት በጣም ጠብቧል። ወለዱ በሚለዋወጥ ብድር ላይ ጨርሶ አይፈቀድም። በማይለወጥ ወለድ በተወሰኑ ብድሮች ላይ ሲፈቀድም በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ከ2 በመቶ፣ በሦስተኛው ከ1 በመቶ አይበልጥም፤ ከዚያ በኋላ የለም። አበዳሪውም ቅጣት የሌለበት አማራጭ አብሮ ማቅረብ አለበት። 2 በመቶ ትንሽ ቢመስልም 395,000 ዶላር ዕዳ ቀርቶት ለሚዘጋ ሰው 7,900 ዶላር ነው።

ይህ ሁሉ ከለላ ግን ገዢው ለሚኖርበት ቤት ነው። ሁለተኛ ቤት ገዝቶ ለማከራየት የሚበደር ሰው በሕጉ ዓይን ነጋዴ ነው። አበዳሪው ሎን ኢስቲሜት የመላክ ግዴታ የለበትም፤ በቅጣቱም ላይ የተጠቀሱት ገደቦች አይሠሩም። በእንዲህ ዓይነት ውሎች ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት 5 በመቶ ጀምሮ በየዓመቱ አንድ አንድ እየቀነሰ የሚሄድ ቅጣት የተለመደ ነው። 300,000 ዶላር ተበድሮ በዓመቱ ቤቱን የሚሸጥ ሰው 15,000 ዶላር ገደማ ይቀጣል። እሱን የሚያስጠነቅቅ «አዎ» የተጻፈበት ሳጥን ስለሌለ ፕሮሚሰሪ ኖት የሚባለውን የዕዳ ሰነድ ራሱን ማንበብ ግድ ይለዋል።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንጎቹ ባልና ሚስት እንመለስ። ቤቱን በ4 ዓመት ውስጥ የሚሸጡት ከሆነ ሁለተኛው ብድር የ«ኤ» ብልጫው ተቀንሶም ከወርሃዊ ክፍያቸው 5,000 ዶላር ያህል ያተርፍላቸዋል፤ ወለዱ የሚለወጥበት ቀን ሳይደርስ ይወጣሉና። ልጆቻቸው እዚያው ትምህርት እስኪጨርሱ ለመቆየት ካሰቡ ግን 6.5 በመቶው ቢያንስ የወሩን ክፍያ አይለውጥባቸውም።

ከመወሰናቸው በፊት አንድ ነገር ቀርቷል። በመጀመሪያው ገጽ አናት፣ በቀኝ በኩል «ሬት ሎክ» ከሚለው ጎን «አይ» የሚለው ተመርጧል። 5.75 በመቶው ገና አልተያዘላቸውም፤ ነገ 6 ሊሆን ይችላል። ሚስትየዋ ስልኩን አንሥታ የምትጠይቀውም አጭር ነው፤ «ያለ ፖይንት ወለዱ ስንት ነው? ዛሬውኑ ሎክ ካደረግክልኝ ለስንት ቀን ይቆያል? ሁለቱንም በወረቀት ላክልኝ።»