የረሳችሁትን ቃል Hard አትበሉት

ይህን ከክፍል እንደወጣሁ ነው የምጽፈው። ተናድጃለሁ፣ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ለጀርመንኛ ኤ1 ፈተና ሦስት ሳምንት የቀራት ነርስ ስልኳ ላይ ያለውን Anki አሳየችኝ። የመልሶቿ ውጤት 96 በመቶ ይላል። ከካርዶቹ መሀል 20 ቃል መዝዤ በቃል ጠየቅኳት፤ 11 መለሰች። «መምህር፣ እኔ እኮ አንድም ቀን አላቋረጥኩም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አላቋረጠችም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፣ እመጣበታለሁ።

ካርድ እንዴት እንደሚሠራ አልጽፍም፤ ዩቲዩብ ሞልቶታል። በቀጥታ ወደ ቀኖቹ።

1. ከፈተናው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ፈተናው ሰኔ 20 ነው፣ የምትጀምሩት ሚያዝያ 20 ነው እንበል፤ 60 ቀን አላችሁ። የኤ1 የቃላት ዝርዝር 650 ገደማ ነው። ብዙ ሰው 650ን ለ60 ያካፍልና በቀን 11 ቃል ይላል። እንዲህ ከሆነ ሰኔ 19 የተማራችሁትን ቃል አንዴም ሳትከልሱት ልትፈተኑ ነው። በቀን 15 ያዙ፣ ሰኔ 3 ይጠናቀቃል። ከዚያ በኋላ አዲስ ቃል የለም። የመጨረሻዎቹ ቃላት በሰኔ 4፣ በሰኔ 7 እና በሰኔ 15 ገደማ ሦስት ጊዜ ይመለሱላችኋል። 16ቱን ቀን ባዶ ያስቀረሁት ለዚህ ነው።

2. መተግበሪያው የፈተናችሁን ቀን አያውቅም። በነባሩ ስሌት Good እያላችሁ ስትሄዱ የመመለሻው ጊዜ በየዙሩ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ይረዝማል፦ 1 ቀን፣ 3፣ 8፣ 20፣ 50። ሚያዝያ 20 የተማራችሁት ቃል ግንቦት 22 አካባቢ ይታያል፤ ቀጣዩ ቀጠሮው ሐምሌ 12 ነው፣ ከፈተናው በኋላ! Maximum interval የሚለውን 20 አድርጉት። ያኔ ያው ቃል ሰኔ 12 ላይ ይመለሳል። FSRS የሚባለውን አዲሱን ስሌት የከፈታችሁ ቀኖቹ ይለያዩባችኋል፣ ገደቡ ግን ያው ነው። የዕለት ሥራው ይጨምራል፤ 60 ካርድ ገደማ፣ የተረሱት ሲደመሩ 80 ሊደርስ ይችላል። ይህን ያልቻለ አዲስ ቃል ይቀንስ እንጂ ክለሳ አይዝለል።

3. Hard። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። Hard ማለት «አስታውሼዋለሁ፣ ግን አታገለኝ» ማለት ነው፤ «ረስቼዋለሁ» ማለት አይደለም። ለረሳ ሰው አንድ ቁልፍ ብቻ አለ፣ Again። Hard ስትሉ መተግበሪያው እንዳለፋችሁ ይቆጥረውና ጊዜውን በ1.2 ያበዛዋል። በ20 ቀኑ መጥቶ የጠፋባችሁ ቃል፣ ገደብ ካላበጃችሁለት፣ በ24 ቀኑ ይመለሳል። የረሳችሁትን ቃል አርቃችሁ ቀጠራችሁት ማለት ነው። Again ብትሉት ኖሮ በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ፣ በማግስቱ ደግሞ ይመጣ ነበር። ያ 96 በመቶ የመጣውም ከዚሁ ነው፤ Hard በውጤቱ ውስጥ እንደ ትክክል መልስ ይገባል።

ነርሷ የረሳችውን ለምን Hard ትላለች? ቀድሞ የተማረችበት ማሠልጠኛ ተማሪዎቹ በየማታው የስልካቸውን ስክሪን ፎቶ እንዲልኩ ያዛል፣ Again የበዛበትን ደግሞ ነጥብ ይቀንሳል። መርሳትን የሚቀጣ የቃላት ትምህርት! ተማሪ ምን ያድርግ፣ መዋሸት ይማራል። ያው ማሠልጠኛ በፈተናው ሳምንት አዲስ ምዕራፍ ያድላል፤ ሪፖርቱ የሚጠይቀው «ስንት ገጽ ተሸፈነ» ነዋ። ስንቱ በጭንቅላት እንደቀረ የሚጠይቅ የለም። ክፍያውን ግን በጊዜው ይጠይቃሉ።

እግረ መንገዴን፣ በየቻናሉ የሚዞረውን «የኤቢንግሃውስ ሕግ፦ 1፣ 3፣ 7፣ 15፣ 30» የሚል ፖስተር እባካችሁ አትላኩልኝ። ሰውዬው በ1885 ያሳተመው ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እየሸመደደ የለካውን የመርሳት ፍጥነት ነው። ያንን ሰንጠረዥ አላወጣም። ቁጥሮቹ እንደ ግምት ክፉ አይደሉም፤ ለፈተና ሦስት ሳምንት የቀረው ሰው ግን የ30 ቀኑን ምን ሊያደርገው ነው?

ቃሉን መያዛችንን እንዴት እናውቃለን ላላችሁኝ፦ በሳምንት አንዴ ሰው 20 ካርድ ይምዘዝላችሁ። ከአማርኛው ወደ ጀርመንኛ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ከነዴር ዲ ዳሱ። መተግበሪያው 90 ብሎ እናንተ 12 ከመለሳችሁ ቁልፍ አነካካችሁ ላይ ችግር አለ።

ልጅቷን ምን አልኳት? አዲስ ቃል ዛሬውኑ አቁሚ፣ ገደቡን 7 ቀን አድርጊው፣ ከነገ ጀምሮ ያላወቅሽውን ሁሉ Again በይ። በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሩ ይወርዳል፣ ካርዱም ይከመርብሻል። ፎቶውን ለማንም አትላኪ።