ለቻርጅባክ የሚሰጥ መልስ፦ የማስረጃ ቅደም ተከተልና የደብዳቤ ቃና



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የጻፈችው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሐበሻ ልብስ በኢንተርኔት የምትሸጥ ወይዘሮ ናት። በ2025 ዓ.ም. ግንቦት ወር መጀመሪያ ላይ (ቀኖቹን የማነሣው፣ ካላሳሰብሁ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከክፍያ አቀናባሪዋ አንድ ማስታወቂያ ደረሳት። በኦሃዮ፣ ኮሎምበስ የምትኖር ደንበኛዋ የገዛችው የ285 ዶላር ቀሚስ «አልደረሰኝም» ብላ ለባንኳ አቤት ብላለች፤ ገንዘቡም ከነጋዴዋ ሒሳብ ላይ ከነመቀጫው ተነሥቷል። ወይዘሮዋ በዚያው ሌሊት አራት ገጽ መልስ ጻፈችና አሥራ አንድ ማስረጃ አባሪ አደረገች። ከመላኳ በፊት ግን «መምህር፣ እንግሊዝኛውን እይልኝ» ብላ ላከችልኝ። እንግሊዝኛው ደኅና ነበር። መታረም የነበረበት ሌላው ሁሉ ነው።

በመጀመሪያ ይህ ጽሑፍ በማን እጅ እንደሚገባ እንመልከት። ነጋዴዋ መልሷን የምታስገባው ለክፍያ አቀናባሪው ነው፤ አቀናባሪው ግን ዳኛ አይደለም። የተቀበለውን በነጋዴው ባንክና በካርዱ መረብ በኩል ካርዱን ለሰጠው ባንክ ያስተላልፋል። ጉዳዩን የሚመለከተው የዚያ ባንክ ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው ሱቁን አያውቅም፣ አማርኛ አያነብም፣ በጠረጴዛው ላይ ሌሎች ብዙ መዝገቦች ተደርድረውለታል፤ ከሳሿም የራሱ ባንክ ደንበኛ ናት። መልሱ አንዴ ከገባ በኋላ ደግሞ እንደ ልብ ተጨማሪ ወረቀት ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ ደብዳቤው ራሱን ችሎ መቆም አለበት።

ሁለተኛው ነገር፣ በማስታወቂያው ላይ የሰፈረው የምክንያት ቁጥር ነው። ካርዱ የቪዛ ነበር፤ ቁጥሩም 13.1 ይላል። ትርጉሙ «ዕቃው ወይም አገልግሎቱ አልደረሰም» ማለት ነው። ይህ ቁጥር የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ዕቃው በተስማሙበት ቦታ ደርሷል? በተስማሙበት ጊዜስ ደርሷል? ሌላው ሁሉ፣ እውነት እንኳ ቢሆን፣ ለዚህ ክርክር መልስ አይሆንም።

አሁን የመጀመሪያውን ጽሑፍ እናንብብ። አንደኛው ገጽ የሱቁን አመሠራረትና ቀሚሱን በሽሮ ሜዳ የሸመነውን ሰው ድካም ይተርካል። ሁለተኛው ገጽ የሱቁን የዕቃ መመለሻ ደንብ ከነአንቀጹ ይገለብጣል። ሦስተኛው ስለ ደንበኛዋ ጠባይ ነው፤ «ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸች» የሚለው አባባላችን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ሰፍሯል። የባንኩ ሠራተኛ ስለ ጨውና ስለ ዓይን ሲያነብ ምን ሊያስብ እንደሚችል ገምቱ። ጥቅሉ መድረሱን የሚያሳየው የመከታተያ ቁጥር የተገኘው በአራተኛው ገጽ ግርጌ፣ ያውም በድረ ገጽ ማስፈንጠሪያ መልክ ነው። የሚታየው አባሪ ፋይሉ እንጂ ማስፈንጠሪያው የሚያደርስበት ገጽ አይደለም፤ ስለዚህ ዋናው ማስረጃ በተግባር አልቀረበም ማለት ነው።

ስለ ቃናው ስንነጋገር «ቁጣው ነውር ነው» አላልኋትም፤ ተበድያለሁ ብላ ታምናለችና። ያልኋት ሌላ ነው። «ዋሽታለች» የሚለው ቃል ስለ ሰው ሐሳብ የሚናገር አቤቱታ ነው፤ ሐሳብን የሚያስረዳ ሰነድ ደግሞ የላትም። አንባቢው ያለማስረጃ የቀረበ አንድ አቤቱታ ሲያይ የቀሩትንም በዚያው ዓይን ያያቸዋል። በዚያ ላይ ሐሰት ላይሆንም ይችላል፤ ጥቅሉን የቤተሰብ አባል ተቀብሎ ሳይናገር ቀርቶ፣ ወይም የሱቁ ስም በባንክ መግለጫው ላይ በሌላ ስም ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተከተልነው ደንብ አንድ ብቻ ነበር፤ የእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ሰነዱ እንጂ ሰውየዋ እንዳትሆን። «ተቀብላ ካደች» የሚለው «የአጓጓዡ መዝገብ ጥቅሉ በዚህ ቀን በዚህ አድራሻ መድረሱን ያሳያል» ሆነ።

ወደ ቅደም ተከተሉ ስንመጣ፣ ወይዘሮዋ ማስረጃዎቹን የደረደረችው ጠቡ በተነሣበት ሥርዓት ነበር። እኛ የደረደርናቸው በጥያቄዎቹ ሥርዓት ነው። መጀመሪያ የመድረሱ ማስረጃ መጣ። እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት ገጠመን፤ በሕዝብ ፊት የሚታየው የመከታተያ ገጽ ከተማውንና የፖስታ ቁጥሩን እንጂ የመንገዱንና የቤቱን ቁጥር አይገልጽም። ኮሎምበስ ደግሞ ትልቅ ከተማ ናት። ስለዚህ ሙሉ አድራሻ ያለበትን የመድረስ ማረጋገጫ ከአጓጓዡ ጠየቅን፤ በማግሥቱ መጣ፤ የተቀባይ ፊርማም ነበረበት። ሁለተኛ፣ ያ አድራሻ ደንበኛዋ ራሷ በግዢው ጊዜ የሞላችው መሆኑን የሚያሳየው የትእዛዝ ቅጽ ተከተለ። ሦስተኛ፣ የአድራሻ ማረጋገጫው ውጤት፤ በአቀናባሪው መዝገብ ላይ Y ተብሎ የሚታየው ፊደል የመንገዱ ቁጥርና የፖስታ ቁጥሩ በባንኩ ዘንድ ከተመዘገበው ጋር መግጠማቸውን ይገልጻል። ይህ ፊደል ማን እንዳዘዘ አያረጋግጥም፤ ደንበኛዋ ግን ማዘዟን ስላልካደች እዚህ የሚጠቅመን አድራሻውን ከባለካርዷ ጋር ለማስተሳሰር ነው። በትእዛዙ ቅጽ ላይ ዕቃው ከሚያዝያ 9 እስከ 16 እንደሚደርስ ተጽፏል፤ ጥቅሉ የደረሰው ሚያዝያ 11 ነው። የጊዜው ጥያቄም በዚህ ተመለሰ።

አራተኛው ማስረጃ ከሁሉ የበረታው ነበር፤ ሊያጠፋን የተቃረበውም እርሱ ነው። ደንበኛዋ ጥቅሉ በደረሰ ማግሥት በስልኳ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ቀሚሱ ትናንት በ8 ሰዓት ገደማ ደርሶኛል፤ ወገቡ ግን ትንሽ ሰፋብኝ፤ ማጥበብ ይቻላል?» ወይዘሮዋ ይህን ስትተረጉም «በ8 ሰዓት» የሚለውን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ አሻገረችው። የአጓጓዡ ማረጋገጫ ግን የደረሰበትን ሰዓት 2:14 PM ይላል። ከቀኑ 8 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር በእነርሱ 2 ሰዓት መሆኑን እናንተ ሳታስቡት ታውቃላችሁ፤ የባንኩ ሠራተኛ አያውቅም። ለእርሱ ደንበኛዋ ሌላ ጥቅል በሌላ ሰዓት የተቀበለች ይመስለዋል። ነገሩን የባሰ ያደረገው የአጓጓዡ ዝርዝር መዝገብ ያንኑ ቅጽበት 18:14 UTC ብሎ መያዙ ነው። አንድ ጥቅል በሦስት ሰዓት ደረሰ! በዚያ ላይ ወይዘሮዋ የራሷን የሽያጭ ደብተር በኢትዮጵያ ዘመን ስለምትይዝ በደብዳቤዋ ቀኑን «ሚያዝያ 3 ቀን 2017» ብላ ነበር፤ እርሱም ሚያዝያ 11 ቀን 2025 ነው።

መፍትሔው ማስረጃውን መነካካት አይደለም። የመልእክቱን ምስል ከአማርኛው ጋር እንዳለ አስቀመጥን፤ ከሥሩ ትርጉሙን፣ ከትርጉሙም ሥር አንድ ማስታወሻ ጻፍን። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይነበባል፦ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀኑ ከንጋት ስለሚጀምር ‹8 ሰዓት› ማለት ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ነው። በዚህ መልስ ውስጥ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ በኮሎምበስ ሰዓት ተገልጸዋል፤ 18:14 UTC በዚያ ቀን 2:14 PM ነው።» መልእክቱ የተላከበት ስልክ በትእዛዙ ቅጽ ላይ ከተሞላው ጋር አንድ መሆኑንም ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አድርገን አሳየን። ያለዚህ መልእክቱ የማንም ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮዋ «ስለ ወገቡ የሚለውን ቆርጠን እንጣለው» አለችኝ። ፍርሃቷ ይገባኛል፤ ደንበኛዋ በልኩ አለመርካቷ ሌላ ክስ ሊወልድ ይችላልና። ነገር ግን ሙሉው መልእክት በደንበኛዋም ስልክ አለ። ተቆርጦ የቀረበ ምስል ሙሉው በወጣ ጊዜ የቀሩትን አራት ማስረጃዎች ይዞ ይወድቃል። ሙሉውን አቀረብን፤ በደብዳቤውም ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰጠነው፦ «በዚያው መልእክት ስለ ልክ ጥያቄ ቀርቧል፤ ሱቁ በዚያው ቀን ለማስተካከል ፈቃደኛ መሆኑን ገልጿል (ማስረጃ 5)።» ክርክር አልጨመርንበትም።

የዕቃ መመለሻ ደንቡን ግን አወጣነው። ደንቡ የሚያስፈልገው ደንበኛው «መልሼ ገንዘቤ አልተመለሰልኝም» ሲል፣ ማለትም 13.6 በሚባለው ቁጥር፣ ወይም ስለ ተሰረዘ ግዢ በሚነሣው 13.7 ላይ ነው። በ13.1 መልስ ውስጥ ሲገባ ነጋዴው ያልተጠየቀውን እየመለሰ ያስመስለዋል። የሸማኔውም ታሪክ ወጣ። ይህን ስታይ ወይዘሮዋ አዘነች፤ እኔም ከደብዳቤው ሁሉ መልካም የተጻፈው እርሱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻው ደብዳቤ አንድ ገጽ ሆነ። መክፈቻው ይህ ነው፦ «ክርክሩ ስለ 285 ዶላር ግዢ ነው፤ ምክንያቱ 13.1። ዕቃው ባለካርዷ በሰጠችው አድራሻ፣ ተስማምተው በወሰኑት ጊዜ ውስጥ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2025 ደርሷል (ማስረጃ 1 እና 2)። ባለካርዷ በማግሥቱ በጽሑፍ መድረሱን ገልጻለች (ማስረጃ 4)።» አንባቢው ከዚህ በኋላ ባያነብ እንኳ መልሱን አግኝቷል። አምስቱም ማስረጃዎች በአንድ ፒዲኤፍ ተጠቃለሉ፤ በእያንዳንዱ ገጽ ራስ ላይ ቁጥሩና ምን እንደሚያሳይ በአንድ መስመር ተጻፈ፤ አድራሻው፣ ቀኑና ሰዓቱ በቀጭን ሣጥን ተከበቡ። በቀይ ቀለም የተሰመረ፣ በቃለ አጋኖም ያለቀ ነገር የለም።

ውጤቱ ለሱቁ ሆነ፤ 285 ዶላሩ ተመለሰ፤ መቀጫው ግን አልተመለሰም። ባንኩ ከፈለገ ከዚህ በኋላ ወደ ቅድመ ግልግል ሊወስደው ይችል ነበር፤ አልወሰደውም።

በዚያው ወር ያችው ወይዘሮ ሌላ 13.1 ደርሷት ነበር። የ140 ዶላር ነጠላ ነው፤ ወደ አትላንታ የላከችው ግን በፖስታ ሳይሆን በሚጓዝ ሰው እጅ ነው፤ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። አድራሹ ሰው አድርሻለሁ ይላል፤ ፊርማ የለም፣ መዝገብ የለም፣ ደንበኛውም አንድ ቃል አልጻፈም። «ይህንንም እንደዚያኛው አስተካክልልኝ» አለችኝ። የሚደረደር ማስረጃ አልነበረም። መልስ ሳናስገባ ክሱን ተቀበልነው፤ ከዚያ ወዲህ በሰው እጅ የምትልከውን ዕቃ ሁሉ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ብሎ በስልክ እንዲጽፍላት ታደርጋለች።