በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ሰዎች፦ ጥንታዊ የፊቅህ ኪታብ እንዴት ይነበባል?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ውስጥ የታተመ የፊቅህ ኪታብ ሲገለጥ ገጹ ከላይ እስከ ታች ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ ነው። አንቀጽ የለውም፤ ሥርዓተ ነጥብም የለውም። መካከሉን ሰፊ ጽሑፍ ይሞላዋል፤ ከመስመሩ ውጭ ደግሞ በኅዳጉ ሌላ ጽሑፍ ይወርዳል። አዲስ አንባቢ ዓይኑን መካከሉ ላይ ይጥልና «ዋናው መጽሐፍ ይህ ነው» ብሎ ይጀምራል። ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት ይህ ግምት ነው፤ ምክንያቱም መካከሉን የያዘው ብዙ ጊዜ ከሁሉም በኋላ የተጻፈው ነው።

በሻፊዒ መዝሀብ እጅግ ከታወቁት ኪታቦች አንዱን እንውሰድ። መሠረቱ ከ900 ዓመት ገደማ በፊት በአቡ ሹጃዕ የተጻፈች አጭር ድርሰት ናት። ተማሪ በቃሉ እንዲይዛት ታስባ ስለተጻፈች ማስረጃም ክርክርም አታነሣም። እንዲህ ያለው መሠረታዊ ጽሑፍ መትን ይባላል። በ1512 (እ.ኤ.አ.) ያረፈው ኢብን ቃሲም አል-ገዚ ደግሞ መትኑን ቃል በቃል እየተከተለ የሚያብራራ ሸርህ ጻፈ፤ «ፈትሑል ቀሪብ» ይባላል። ከዚያ ከ1847 ጀምሮ የአል-አዝሀር ሸይኽ የነበረውና በ1860 ያረፈው ኢብራሂም አል-ባጁሪ በሸርሁ ላይ ሐሺያ ጻፈ። ሐሺያ የመትኑንም የሸርሁንም ቃል እየነቀሰ የሚመረምር፣ የሚያርምና የሚጨምር ማብራሪያ ነው።

ሐሺያ መጀመሪያ በኅዳግ ላይ የሚጻፍ ማስታወሻ ነበር። እያደገ ሲሄድ ግን ራሱን የቻለ ትልቅ መጽሐፍ ሆነ፤ የአል-ባጁሪው ሁለት ቅጽ ይዟል። ስለዚህ የድሮዎቹ የግብፅ አታሚዎች ሐሺያውን መካከል አድርገው ሸርሁን ወደ ኅዳጉ አወጡት። መትኑስ? በሸርሁ ውስጥ በቅንፍ ተከፋፍሎ ይገኛል። በእጅ በተጻፉ ኪታቦች ቅንፉን የሚተካው ቀይ ቀለም ወይም ከቃሉ በላይ የተሰመረ መስመር ነው።

የመጀመሪያው ሥራ እንግዲህ መትኑን ለይቶ ማውጣት ነው። አል-ገዚ የራሱን ቃል በአቡ ሹጃዕ ቃል መካከል እየሰካ ስለጻፈ የሁለቱ ንግግር እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይነበባል። ቅንፉ በኅትመት ወይም በፎቶ ኮፒ ከጠፋ፣ ሸርሁ የጨመረው ቅድመ ሁኔታ የመትኑ ደራሲ ቃል ይመስላል። መለያው ዘዴ ቀላል ነው፦ በቅንፍ ውስጥ ያሉትን ቃላት ብቻ በተርታ ማንበብ። ትክክል ከሆኑ ሰዋስዉ የቀና ሙሉ ንግግር ይሰጣሉ፤ ንግግሩ ከተሰበረ ቅንፉ ያለቦታው ገብቷል ማለት ነው። ደረሳ ከፊቅህ ጎን ለጎን ነሕው የሚቀራውም በከፊል ለዚህ ነው።

አሁን አንድ ቦታ ላይ ቆመን ሦስቱን እናንብብ። ኪታቡ የሚጀምረው በጠሃራ ማለትም በንጽሕና ነው፤ አቡ ሹጃዕ ውሃን በአራት ይከፍላል። ከአራቱ አንዱ ራሱ ንጹሕ፣ ሌላውንም የሚያነጻ፣ ነገር ግን መጠቀሙ መክሩህ የሆነ ውሃ ነው። መክሩህ ማለት ቢጠቀሙበት ኃጢአት የለበትም፣ ቢተዉት ግን ይመረጣል ማለት ነው። መትኑ ይህ ውሃ በፀሐይ የሞቀው እንደሆነ ብቻ ተናግሮ ያልፋል። እዚህ ያቆመ አንባቢ በፀሐይ የሞቀ ውሃ ሁሉ ለውዱእ የተጠላ ነው ብሎ ይሄዳል።

ሸርሁ ግን ወሰኑን ያሠምራል። መጠላቱ በገላ ላይ ሲውል እንጂ በልብስ አይደለም። አገሩ ሞቃት መሆን አለበት። ዕቃው እንደ ብረትና መዳብ በመዶሻ የሚቀጠቀጥ ማዕድን መሆን አለበት፤ ወርቅና ብር ግን ጥራት ስላላቸው አይገቡም። ውሃው ከቀዘቀዘ መጠላቱ ይቀራል። ቀጥሎ አል-ገዚ ኢማም ነወዊ ጭራሽ አይጠላም የሚለውን አቋም እንደመረጠ ይጠቅሳል። ነወዊ ያረፈው በ1277 ስለሆነ ከአቡ ሹጃዕ በኋላ፣ ከአል-ገዚ በፊት ነው። ስሙ በመትን ውስጥ የገባ ከመሰለ ቅንፉ ተሳስቷል፤ የሊቃውንቱን ዘመን ማወቅ እንዲህ ያለውን ስህተት ያጋልጣል።

ምክንያቱን የሚያብራራው ሐሺያው ነው። ኃይለኛ ፀሐይ ከማዕድኑ ቅባት መሰል እድፍ ያወጣል፣ እድፉም ገላ ሲነካ ለምጽ ያመጣል ተብሎ ይፈራ ነበር። ይህ የዘመኑ ሕክምና ግምት ነው፤ ዛሬ እንደ ሕክምና መረጃ አይወሰድም። ቢሆንም ምክንያቱን ስናውቅ የሸርሁ ቅድመ ሁኔታዎች ለምን እንደመጡ ይገባናል። ሸክላና ቆዳ የቀሩት እንዲህ ያለ እድፍ ስለማያወጡ ነው፤ ወርቅና ብርም እንዲሁ። የኋለኞቹ የሻፊዒ ሊቃውንት ደግሞ ነወዊ አቋሙን የመረጠው ማስረጃውን መዝኖ እንደሆነ፣ የመዝሀቡ መተማመኛ ግን መጠላቱ እንደሆነ ያስረዳሉ። «እገሌ መረጠ» የሚል ቃል ሲመጣ አንባቢ ይህ የሊቁ የግል ምርጫ ነው ወይስ የመዝሀቡ አቋም ብሎ መጠየቅ አለበት።

ሐሺያ የራሱ ምልክቶች አሉት። እያንዳንዱ ማስታወሻ «ቀውሉሁ» ማለትም «ንግግሩ» በሚል ቃል ይከፈታል፤ ከዚያ የሚብራራው ሐረግ ይከተላል። ሐረጉ የመትን ይሁን የሸርህ ለማወቅ ወደ ኅዳጉ ሄዶ ቅንፉን ማየት ነው። «ሙሶኒፍ» የመትኑ ደራሲ ነው፣ «ሻሪሕ» የሸርሁ። ከሌላ ኪታብ የተወሰደ ቃል ሲያበቃ «ኢንተሃ» የሚለው በአህጽሮት ይጻፋል፤ እሱን ያላስተዋለ የሌላውን ሰው አስተያየት ለአል-ባጁሪ ይሰጣል። ስሞችም ያሳስታሉ። በሻፊዒ ሐሺያዎች ውስጥ «ሲን» እና «ሚም» የሚሉት ሁለት ፊደላት ኢብን ቃሲምን ይጠቁማሉ፤ ይሁንና እሱ ሸርሁን የጻፈው አል-ገዚ ሳይሆን ከእሱ በኋላ የመጣው አል-ዐባዲ ነው።

በወሎም ሆነ በሐረር የሻፊዒ ፊቅህ የቀራ ደረሳ ቅደም ተከተሉን ያውቀዋል። መጀመሪያ መትኑ ለብቻው ይቀራል፤ የሚችል በቃሉ ይይዘዋል። ቀጥሎ ደረሳው በሸይኹ ፊት ሸርሁን ያነባል፣ ሸይኹ ይፈታለታል። ሐሺያ የሚከፈተው ሸርሁ ራሱ ጥያቄ ሲያስነሣ ነው። ከሐሺያ የጀመረ ሰው አሥር አስተያየት ይሰበስባል፣ ክርክሩ በምን ጉዳይ ላይ እንደሆነ ግን አይጨብጥም።

ዛሬ አንድ የአፋር ሰው በፀሐይ ስለሞቀ የፕላስቲክ ጀሪካን ውሃ ቢጠይቅ፣ መትኑ ብቻ ከተነበበ መልሱ «መክሩህ ነው» የሚል ይሆናል። ሸርሁ ግን ዕቃው የሚቀጠቀጥ ማዕድን መሆን አለበት ይላል፤ ፕላስቲክ ደግሞ አይደለም። ሐሺያው ቅድመ ሁኔታው ለምን እንደገባ ያሳያል፣ ስለዚህ ከብረት በርሜል ጋር ያለው ልዩነት ግልጽ ይሆናል። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው መዝሀቡን የቀራ ዓሊም ነው፤ አንባቢው ግን ከየትኛው ሰው የትኛውን ቃል እንደሰማ ለይቶ ጥያቄውን ይዞለት መሄድ ይችላል።