«እርጅና ነው» ያልነው የሳንባ ምች ቢሆንስ?

የሳንባ ምች ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከፍተኛ ትኩሳት፣ አክታ ያለው ሳልና ደረት ላይ የሚወጋ ሕመም ነው። በወጣት ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነው። ዕድሜያቸው በገፋ ወላጆቻችን ላይ ግን በሽታው በሌላ መልክ ሊመጣ ይችላል። ምግብ ይጠላሉ፣ ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋሉ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ይወድቃሉ። ትናንት ሲጫወቱ የዋሉ ሰው ዛሬ የልጃቸው ስም ይጠፋባቸዋል። ቤተሰቡም «እርጅና ነው»፣ «ብርድ መቷቸው ነው» እያለ ትኩስ ነገር እያጠጣ ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቃል።

ምልክቶቹ የሚለወጡት ለምንድን ነው? ትኩሳት ሰውነት ከጀርም ጋር ሲታገል የሚያሳየው ምላሽ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ምላሽ ስለሚዳከም ሳንባ ክፉኛ ታሞም ቴርሞሜትሩ ጤነኛ ሰው ላይ የሚያሳየውን ሊያሳይ ይችላል። አክታ የሚያስወጣው የሳል ጉልበትም ይቀንሳል። አንጎል ደግሞ የኦክስጅንና የፈሳሽ እጥረትን እንደ ወጣትነቱ አይችልም። ስለዚህ ከሳል በፊት የአእምሮ መደናገር ሊቀድም ይችላል። የተለመደው የእርጅና መርሳት በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው፤ ይህኛው ግን በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ይከሰታል።

ቤት ውስጥ ያለ መሣሪያ ሊታይ የሚችል አንድ ጠቃሚ ምልክት አለ፤ እሱም የትንፋሽ ፍጥነት ነው። እናትዎ ወይም አባትዎ ዐረፍ ባሉበት፣ እየቆጠሩ መሆንዎን ሳይነግሯቸው፣ የደረታቸውን ከፍ ዝቅ ማለት ለሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። በእረፍት ላይ ያለ ጤነኛ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ቁጥሩ ከ24 ካለፈ ትኩሳት ባይኖርም ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ሐኪሙ የሳንባ ምች መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ «ቤት ሆነው መድኃኒት ይውሰዱ ወይስ ይተኙ?» የሚል ነው። ለዚህ በብዙ አገሮች የሚሠራበት፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ «ከርብ-65» የሚባል መመዘኛ አለ። አምስት ጥያቄዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ «አዎ» አንድ ነጥብ ይሰጣል። አዲስ የአእምሮ መደናገር አለ? በደም ውስጥ ያለው ዩሪያ በሊትር ከ7 ሚሊሞል በላይ ነው? ትንፋሹ በደቂቃ 30 ወይም ከዚያ በላይ ነው? የደም ግፊቱ የላይኛው ከ90 በታች፣ ወይም የታችኛው 60 እና ከዚያ በታች ነው? ዕድሜው 65 ወይም ከዚያ በላይ ነው?

ዜሮ ወይም አንድ ነጥብ ያገኘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ሆኖ መታከም ይችላል። ሁለት ሲሆን ሆስፒታል መግባት ይታሰባል። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕመሙ ከባድ ነው፤ መተኛት ያስፈልጋል።

ለምሳሌ የ76 ዓመት እናት እንውሰድ። ትኩሳትም ሳልም የላቸውም፤ ግን ከትናንት ጀምሮ ቀኑንና ያሉበትን ቦታ ይስታሉ። ትንፋሻቸው በደቂቃ 28፣ የደም ግፊታቸው 118 በ70 ነው፤ ራጅ ሲነሱ የሳንባ ምች ተገኘ። በዕድሜ አንድ፣ በመደናገር አንድ፣ በድምሩ ሁለት ነጥብ አላቸው። ትንፋሹና ግፊቱ ነጥብ አላስገኙም። የደም ምርመራው ሲመጣ ዩሪያው 9 ሆነ፤ ነጥባቸው ሦስት ደረሰ። «ትኩሳት የላቸውም» ተብለው ወደ ቤት ሊመለሱ ይችሉ የነበሩት እናት አልጋ የሚያስፈልጋቸው ሆኑ።

ነጥቡ ብቻውን ግን አይወስንም። የኦክስጅን መጠን በመመዘኛው ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ነጥቡ አንድ የሆነ ሰውም ኦክስጅኑ ከወረደ መተኛት ይኖርበታል። ክኒን መዋጥ የማይችል፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ቤት ውስጥ የሚያየው ሰው የሌለውም እንዲሁ። የደም ግፊት ሕመምተኛ ደግሞ ግፊቱ ከለመደው ብዙ ቢወርድም ከ90 በላይ ስለሆነ ብቻ ነጥብ ላይሰጠው ይችላል።

ከሁሉ በላይ ለሐኪሙ የሚከብደው «መደናገሩ አዲስ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው፤ ታማሚውን የሚያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነውና። መልሱ ያለው ቤተሰቡ ዘንድ ነው። ወደ ሕክምና ሲሄዱ ወላጅዎ ለመጨረሻ ጊዜ እንደ ወትሯቸው የነበሩበትን ቀን፣ የተለመደ የደም ግፊታቸውንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ይናገሩ። ፓራሲታሞል ሰጥተዋቸው ከሆነም አይዝለሉት፤ የነበረውን ጥቂት ትኩሳት ሊደብቀው ይችላልና።